ውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ የመኝታ ተረት በአማርኛ፦ ከቃል መረጣ እስከ ሰባተኛው ማታ

ብዙ ቤት ውስጥ ነገሩ አንድ ዓይነት ነው። እናት ወይም አባት በልጅነታቸው የሰሙትን ተረት ይጀምራሉ። ልጁ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዳምጣል፣ ከዚያ ይገላበጣል፣ በመጨረሻም «በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» ይላል። ወላጅ ልጁ አማርኛ ጠልቷል ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ተረቱ የተነገረበት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ለአዋቂ የተሠራ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከብዙ አዲስ ቃል ጋር ሲመጣ ልጁ መንገዱ ይጠፋበታል፣ የጠፋበትን ነገር ደግሞ አይከታተልም።

ይህ መመሪያ ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆነ፣ «ና»፣ «ብላ»፣ «ጫማህን አድርግ» ሲባል ለሚገባው፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዕብራይስጥ ለሚመልስ ልጅ ነው። አማርኛ ጨርሶ ለማይሰማ ልጅ በቀን ሥራና ጨዋታ ይጀመራል፤ ተረቱ ለኋላ ይቆያል። መመሪያው ውስጥ አንድ ሙሉ ተረት አለ። እንዳለ ልትነግሩት ትችላላችሁ፤ አሠራሩን ካያችሁ በኋላ ግን የራሳችሁን መሥራት አይከብዳችሁም።

1. ልጁ የሚያውቀውን ቃል ለዩ

ይህን የምታደርጉት ማታ ሳይሆን ቀን ነው፤ 15 ደቂቃ ይበቃል።

ሀ) ቤት ውስጥ ያሉ 20 ያህል ነገሮችን በወረቀት ጻፉ፦ ውኃ፣ ዳቦ፣ ጫማ፣ በር፣ አልጋ፣ ጋቢ፣ ድመት፣ ዶሮ የመሳሰሉትን።

ለ) እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ከዚያ «ጫማ አምጣ»፣ «በሩ የት ነው?» በሉት። እጅ ኪስ ውስጥ የሚገባው በምክንያት ነው። ወላጅ «በሩን ዝጋ» ሲል ሳያውቀው ወደ በሩ ይጠቁማል፣ ይመለከታል፣ አገጩን ያነሣል። ልጁ የሚከተለው ምልክቱን ነው፤ ወላጅ ግን ቃሉን ያወቀ ይመስለዋል። ዓይናችሁንም ልጁ ላይ አድርጉ እንጂ ዕቃው ላይ አታድርጉ።

ሐ) ሳያመነታ ያመጣውን ወይም ያሳየውን ምልክት አድርጉበት። ያመነታበት ቃል አልታወቀም ማለት ነው።

መ) እንስሳቱን በሥዕል ፈትኑ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ፤ ውጭ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ «ዶሮ» የሚለውን የሚያውቀው ከወጡ ነው። ሳህን ላይ ያለችውን ዶሮ ያውቃል፣ የምትራመደዋን ግን አያውቅም። ተረት ውስጥ «ዶሮ ተናገረች» ስትሉት ግራ ይጋባል። አስቀድማችሁ ሥዕሏን አሳዩት።

ለአንድ ተረት አዲስ ቃል ከ5 ወይም ከ6 አይብለጥ። ከበለጠ አንዱን እንስሳ ልጁ በሚያውቀው ቀይሩ። በሬን የማያውቅ ልጅ ውሻን ያውቃል፤ ለተረቱ ሁለቱም ያው ናቸው።

2. የተረቱን አጥንት አቁሙ

የመኝታ ተረት አራት ነገር ይፈልጋል፤ አንድ ባለታሪክ፣ ባለታሪኩ የሚፈልገው አንድ ነገር፣ ሦስት ቦታ መድረስ፣ በመጨረሻም መተኛት።

የሚፈለገው ነገር ቤታችሁ ውስጥ ያለ ዕቃ ይሁን። ጎተራ፣ ማጭድ፣ ሞፈር ለእኛ ተረት የተወለዱ ቃላት ናቸው፣ ለልጁ ግን የሚነካው ነገር የለም። ጋቢ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፣ ይነካል፣ ይሞቃል፣ አልጋ ላይ ይለበሳል። ስለዚህ ከታች ያለው ተረት የጋቢ ተረት ነው።

የእንስሳት ተረቶቻችን ብዙዎቹ አንዱ አንዱን በልቶ ያልቃሉ። ያ ለቀን ተረት ይሁን። ለማታ ጅብ ቢገባም በርዶት ወይም እንቅልፍ ይዞት ይግባ፤ ጥርሱን አታንሡ።

3. ዓረፍተ ነገሩን ሥሩ

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ደረጃ ነው፤ አትቸኩሉበት።

*ረጅሙን ቁረጡ።* አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ገላጩንም ከስም በፊት ይደረድራል። ይህን ተመልከቱ፦

«ጋቢዋን ያጣችው ጦጣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ስትሄድ ያገኘቻትን ዶሮ ጠየቀቻት።»

ልጁ ማን ጠየቀ፣ ማን ተጠየቀ የሚለውን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ መቆየት አለበት። ስትቆርጡት እንዲህ ይሆናል፦

«ጋቢው የለም። ጦጢት በረዳት። ጦጢት ሄደች። ዶሮን አገኘች።»

አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ግስ፣ ከ2 እስከ 4 ቃል። «ስት-»፣ «እየ-»፣ «የ-…-ው» የሚሉት ግሶች ላይ ሲለጠፉ ካያችሁ ቁረጡ። ለአዋቂ ጆሮ ድርቅ ያለ ይመስላል። ድምፃችሁ ሲጨመርበት ግን ድርቀቱ ይጠፋል።

*«አለ»ን አሠሩት።* አማርኛ ለትንሽ ልጅ የሚያመች አንድ ትልቅ መሣሪያ አለው፦ ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ቆም አለ፣ ጋደም አለ፣ ፈገግ አለ። ፊት ያለው ቃል ፈጽሞ አይለወጥም፤ የሚለወጠው «አለ» ብቻ ነው። ልጁ «አለ» እና «አለች»ን ካወቀ ደርዘን የሚሆን ድርጊት መናገር ይችላል። በዚያ ላይ ግማሹን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ «ቁጭ በል»፣ «ዝም በል»፣ «ቶሎ በል» ሲባል ይውላልና። ተረቱ ከትእዛዝ ወደ ታሪክ ያሻግረዋል፤ «ቁጭ በል» ይሰማ የነበረው ልጅ «ጦጢት ቁጭ አለች» ይሰማል፣ ወዲያው ይገባዋል። እነዚህ ቃላት ሰውነት ይዘው የሚመጡ መሆናቸውም ይረዳል። ብድግ ሲባል ትከሻን ከፍ፣ ቁጭ ሲባል ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ጅብ አለ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ነገር ነው። «ለ» ሲላላ «ጅብ ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ጅብ ይገኛል»። እናንተ ሳታስቡት ትለያላችሁ፤ አማርኛ ሲያነብ የሚቸገር ታላቅ ወንድም ወይም እህት ግን አይለይም። ስለዚህ መኖርን በ«ነበረ» ወይም በ«ነበረች» ብቻ ተናገሩ፤ «አለ» ለንግግርና ለብድግ ቁጭ ይሁን።

*በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ራበኝ።* ውጭ ያደጉ ልጆች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ከሌላው ቋንቋቸው ተነሥተው «እኔ በረድኩ»፣ «እኔ ራብኩ» ይላሉ። በማስረዳት አይስተካከልም፤ የሚስተካከለው ትክክለኛውን ደጋግሞ በመስማት ነው። ከታች ያለው ተረት ሆን ተብሎ በዚህ ዙሪያ ተሠርቷል፤ በረደኝ፣ በረደህ፣ በረዳት፣ ሞቃት፣ ሞቀው ሁሉም ይገቡበታል።

*አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት።* ወንድ ልጅ ከእናቱ ሲሰማ የሚውለው «አየህ?»፣ «ና»፣ «በል» ነው። ለእናቱ ሲመልስም «እማዬ፣ አየህ?» ይላል። ስለዚህ በተረቱ ውስጥ ባለታሪኳ ሴትንም ወንድንም ትጠይቅ፦ ዶሮን «አየሽ?»፣ በሬን «አየህ?»። ጥያቄው አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ብቻውን ጎልቶ ይሰማል።

*አዝማች አበጁ።* በእያንዳንዱ ማረፊያ የሚመለስ፣ ቃሉ የማይቀየር አንድ መስመር ያስፈልጋል። ልጁ መጀመሪያ አፉን የሚከፍተው እዚያ ላይ ነው። ከ5 ወይም ከ6 ቃል አይርዘም። «የእኔ ጋቢ» ከማለት «ጋቢዬ» ይሻላል፤ «እማዬ»፣ «አባዬ» ማለት የለመደ አፍ በቀላሉ ይለዋል።

4. ተረቱ

ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ለራሳችሁ አንብቡት። ከዚያ ወረቀቱን ተዉት፤ ማታ በቃል ነው የሚነገረው።

ተረት ተረት።
(ልጁ፦ የላም በረት!)

አንዲት ጦጣ ነበረች። ትንሽ ጦጣ ናት። ስሟ ጦጢት ነው።
ጦጢት ጋቢ አላት። ጋቢው ነጭ ነው። ጋቢው ይሞቃል።

ማታ ሆነ። ጦጢት በረዳት።
«በረደኝ! በረደኝ! ጋቢዬ የት ነው?»
ጋቢው የለም።
ጦጢት ብድግ አለች። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

ዶሮን አገኘች።
«ዶሮ፣ ዶሮ! ጋቢዬን አየሽ?»
«አላየሁም» አለች ዶሮ።
ጦጢት ቁጭ አለች።
«በረደኝ! በረደኝ! ጋቢዬ የት ነው?»
ጦጢት ብድግ አለች። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

በሬን አገኘች።
«በሬ፣ በሬ! ጋቢዬን አየህ?»
«አላየሁም» አለ በሬ።
ጦጢት ቁጭ አለች።
«በረደኝ! በረደኝ! ጋቢዬ የት ነው?»
ጦጢት ብድግ አለች። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

ጅብን አገኘች። ጅብ ተኝቷል። ኸርርር… ኸርርር…
ጅብ ጋቢ ለብሷል። ጋቢው ነጭ ነው። ጋቢው ይሞቃል።
«አያ ጅቦ፣ አያ ጅቦ! ጋቢዬ ነው!»
ጅብ ብድግ አለ። ጦጢትን አየ።
«ይቅርታ፣ ጦጢት» አለ ጅብ። «በረደኝ።»
«በረደህ?» አለች ጦጢት።
«አዎ። በረደኝ።»
ጦጢት ዝም አለች። ጅብም ዝም አለ።

ጋቢው ትልቅ ነው።
«አብረን እንተኛ» አለች ጦጢት።
ጦጢት ገባች። ጅብ ገባ።
ጦጢት ሞቃት። ጅብም ሞቀው።

ዶሮ ተኛች። በሬ ተኛ። ጅብ ተኛ። ጦጢት ተኛች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

በዝግታና ከነዕረፍቱ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 2 ደቂቃ ሳይሞላ ከጨረሳችሁ ሮጣችኋል።

«ጦጣ» እና «ጦጢት» የሚሉትን አትለዋውጡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ጦጣ» በሉ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ስሟን ብቻ ጥሩ። «እሷ»፣ «ጦጣይቱ»፣ «ምስኪኗ» እያላችሁ ስትቀያይሩ ልጁ ሌላ እንስሳ የመጣ ይመስለዋል።

5. የመጀመሪያው ማታ፣ በቅደም ተከተል

1. ጥርስ ታጥቦ፣ ሽንት ቤት ተሂዶ፣ ልጁ አልጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ ጀምሩ። ተረቱ መሐል ውኃ ለመጠጣት ከተነሣ አዝማቹ ይቆረጣል፤ ዳግመኛ ለማስጀመር ያስቸግራል።

2. ስልኩን ከክፍሉ አውጡ። መብራቱን ፊታችሁ እስኪታይ ብቻ ቀንሱ። ጨርሶ አታጥፉት፤ ልጁ ያልገባውን ቃል የሚያገኘው ከአፋችሁና ከፊታችሁ ነው።

3. እውነተኛውን ጋቢ አልጋው ጫፍ ላይ አጥፋችሁ አስቀምጡ። ገና አታልብሱት። ጦጢት ጋቢዋን ስታገኝ ነው የሚዘረጋው።

4. «ተረት ተረት» በሉ፣ ጠብቁ። የመጀመሪያው ማታ መልሱን ራሳችሁ በሹክሹክታ ስጡት፣ ከዚያ እንደገና «ተረት ተረት» በሉ። ከዚህ በላይ ከልጁ ምንም አትጠይቁ። «ጦጣ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»፣ «ገባህ?» የሚሉት ጥያቄዎች አልጋውን የፈተና ወንበር ያደርጉታል።

5. ምልክት ስጡ። «በረደኝ» ሲባል ክንዳችሁን እቀፉና ተንቀጥቀጡ። «የት ነው?» ሲባል መዳፋችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። «ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች» ሲባል በሁለት ጣት ብርድ ልብሱ ላይ ተራመዱ። ምልክቱ በየማታው አንድ ዓይነት ይሁን።

6. ድምፃችሁን እየቀነሳችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው «በረደኝ» ከፍ ያለ ይሁን፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ዝቅ ያለ። «አብረን እንተኛ» ከሚለው በኋላ ሹክሹክታ ብቻ። ብዙ ወላጅ ጅቡ ላይ ሲደርስ ያስገመግማል፤ ልጁ ይስቃል፣ ይነሣል፣ እንቅልፉ ይሸሻል። የጅቡ ማንኮራፋት ብቻ ይሰማ።

7. «ጋቢው ትልቅ ነው» ስትሉ ጋቢውን ዘርግታችሁ ልጁን አልብሱት። የመጨረሻዎቹን አራት መተኛቶች በረጅም ዕረፍት ንገሩ፤ በእያንዳንዱ መካከል ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ ተንፍሱ። ከጦጢት ቀጥሎ የልጁን ስም ጨምሩ፤ «ተኛ» ወይም «ተኛች» በሉ። ስሙን ሲሰማ ተረቱ እሱ ጋ ያልቃል።

8. «ተረቴን መልሱ» ብላችሁ ዝጉ፣ ወጥታችሁ ሂዱ። ሌላ ተረት ከጠየቀ «ነገ ጦጢት ትመጣለች» በሉት።

6. እስከ ሰባተኛው ማታ

ተረቱ አይቀየርም። አዋቂ ይሰለቸዋል፣ ልጅ ግን ያው ተረት ሲደጋገም ነው ቃሉን የሚይዘው። በየማታው የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

በ2ኛው ማታ አዝማቹን አንጠልጥሉት፦ «ጋቢዬ የት…» ብላችሁ ቁሙ። በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ወላጅ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ሳይቆጥር ራሱ ይጨርሰዋል። ልጁ ቃሉን ከትዝታው አውጥቶ አፉ ላይ እስኪያደርስ ጊዜ ይፈልጋል። 5 ቆጥራችሁ ዝም ካለ እናንተ በቀስታ ጨርሱት፤ ፊታችሁ ላይ ቅሬታ አይታይ።

በ3ኛው ማታ ምልክቱን ከሁለቱ አዝማቾች አንሡ፤ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ተንቀጥቀጡ። ልጁ ራሱ ከተንቀጠቀጠ ቃሉ ገብቶታል ማለት ነው። ካልተንቀጠቀጠ ምልክቱን መልሱና አንድ ማታ ጨምሩ። ሰባቱ ማታ አሥር ቢሆን ምንም የሚጎድል ነገር የለም።

በ4ኛው ማታ አንድ ስሕተት ሆን ብላችሁ ጣሉ፦ «ማታ ሆነ። ጦጢት ሞቃት።» ከዚያ ቁሙና ተመልከቱት። አብዛኛው ልጅ «አይደለም!» ይላል፤ የሚጠበቀው ግን የሚቀጥለው ቃል ነው። «በረዳት» ካለ ተረቱ ሥራውን ሠርቷል። በሌላኛው ቋንቋ ካረማችሁም ደስ ይበላችሁ፦ «ልክ ነህ! በረዳት!» ብላችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ስሕተት በላይ አትጨምሩ፤ ጨዋታው እንቅልፍ ይነሣል።

በ5ኛው ማታ በሬውን አውጡና ልጁ የመረጠውን እንስሳ አስገቡ። ዝሆንም፣ ዳይኖሰርም ቢል ይግባ። እናንተ የምትጠብቁት «አየህ?» ነው ወይስ «አየሽ?» የሚለውን ነው፤ እንስሳው ሴት ናት ወይስ ወንድ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

በ6ኛው ማታ ልጁ ጅብ ይሁን። ያለው ንግግር «ይቅርታ፣ ጦጢት»፣ «በረደኝ» እና «አዎ» ብቻ ነው። በ7ኛው ማታ ልጁ ተራኪ፣ እናንተ ዶሮና በሬ ሁኑ። «ጦጢት ሄደች ዶሮ» ብሎ ቢያሳጥረው አትሙሉለት። «አላየሁም!» ብላችሁ በእንስሳዋ አፍ መልሱለትና ይቀጥል።

ቀን ቀን ቃሎቹን በቦታቸው ጥሩ። ጠዋት ከበር ስትወጡ «በረደህ?»፣ መኪና ውስጥ ማሞቂያው ሲሠራ «ሞቀህ?»፣ ጫማው ሲጠፋ በአዝማቹ ዜማ «ጫማዬ የት ነው?»። ማታ ብቻ የተሰማ ቃል ማታ ላይ ይቀራል።

7. ሲበላሽ

*«በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» ካለ።* አትተርጉሙ፣ አትከራከሩም። በዚያው ማታ ተረቱን አሳጥሩ፦ ዶሮንና በሬን ዝለሉ፣ በቀጥታ ጅብ ጋ ሂዱ፣ አስተኙአቸው። በማግሥቱ ቀን ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፤ አዲሱ ቃል በዝቷል። አንዴ ከተረጎማችሁ በየማታው ትርጉም ይጠብቃል፣ አማርኛውን ማዳመጥም ያቆማል። ተረቱን በሌላው ቋንቋ መስማት እጅግ ከፈለገ ቀን ላይ፣ በሌላ ሰው አፍ ይስማ።

*በሌላው ቋንቋ ከመለሰ።* «ሺ ኢዝ ኮልድ» ሲላችሁ «አዎ፣ በረዳት» በሉና ሳትቆሙ ቀጥሉ። «በአማርኛ በለው» አትበሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ የጎደለውን ቃል እናንተ አቀበላችሁት፣ በቂ ነው።

*«እኔ በረድኩ» ካለ።* ያው መንገድ ነው፦ «በረደህ? ና፣ ጋቢ!» ትክክለኛው በጥያቄ ውስጥ ተመለሰለት።

*ጦጣን «ቶታ» ካለ።* «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» በእንግሊዝኛ የሉም፤ አልጋ ላይ ማረም ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ቀን ላይ ቀጭን ወረቀት አፋችሁ ፊት ይዛችሁ ተጫወቱ። «ተ» ሲባል ወረቀቱ ይርገበገባል፣ «ጠ» ሲባል ግን ብዙም አይነቃነቅም። ልጁ ወረቀቱን ሳያነቃንቅ «ጦጣ» ለማለት ሲሞክር ድምፁ ይመጣል።

*ጅቡን ከፈራ።* ጅቡን በውሻ ቀይሩ። «አያ ጅቦ» የሚለው ለዛ ይቀራል፣ ሌላው እንዳለ ይሄዳል። ጅቡን ከወር በኋላ ቀን ላይ አስተዋውቁት።

*ከመሐል ከተኛ።* ተረቱን ግማሽ ላይ አትተዉት፤ በሹክሹክታ መተኛቶቹን ብቻ ብላችሁ ጨርሱ። በማግሥቱ ከመጀመሪያው ጀምሩ እንጂ ከቆመበት አትቀጥሉ።

*ሁለት ልጆች ካሉ።* ታላቁ መልሱን ሁሉ ቀድሞ ይናገራል፤ ታናሹም ዝም ይላል። ታላቁን ሥራ ስጡት፤ ዶሮንም በሬንም እሱ ይሁን፣ አዝማቹ ግን የታናሹ ብቻ ነው።

*ከወላጆች አንዱ አማርኛ የማይችል ከሆነ።* ተረቱን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ አትስጡት። በላቲን ሲጻፍ «ተ» እና «ጠ» አንድ ይሆናሉ፣ መጥበቅና መላላትም አይታይም፤ ልጁ የተበላሸውን ይይዛል። እሱ ጅብ ይሁን። «በረደኝ» እና ማንኮራፋቱ ለማንም አይከብዱም።

8. አያት በስልክ

አያት የምታወራው ተረት ልጁ ሌላ ቦታ የማያገኘው ነው፤ ሰዓቱ ግን ያስቸግራል። በአሜሪካ በጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 10 ሰዓት። ሪያድ ካላችሁ ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ በቀጥታ ትንገራቸው። አሜሪካ ላላችሁ ግን ድምፅ ቀርፃ መላክ ነው የሚያዋጣው።

ዝም ብላችሁ «ተረት ንገሪልን» ካላችኋት ግሩም ተረት ትልካለች፣ ልጁ ግን አንድም ቃል አይሰማም። ስለዚህ የጦጢትን ተረት በስልክ አንድ ጊዜ ንገሯትና ይህን ጠይቋት፦

1. «ተረት ተረት» ብላ እስከ 5 ትቁጠር፤ ልጁ የሚመልስበት ቦታ ነው። ከአዝማቹ በኋላም እንዲሁ።

2. የልጁን ስም መጨረሻ ላይ ትጥራ።

3. ቃሉን አታስውበው። «እመት ጦጢት ብርዱ ቢጠናባት» ማለቷ አይቀርም፤ «በረዳት» ብቻ በይ ብላችሁ ለምኗት።

4. ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ በር ተዘግቶ ትቅረፅ።

ቅጂውን ከ5ኛው ማታ በፊት አታሰሙት። ተረቱን በቃሉ ያወቀ ልጅ ፊቷን ባያይ እንኳ ድምፅዋን ይከተላል፤ ያላወቀ ግን የማያውቀው ድምፅ የማያውቀውን ነገር ሲናገር ነው የሚሰማው። ስታሰሙት ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ ብርሃኑ እንዳይታይ። የልጁን መልስ ቀርፃችሁ ላኩላት፤ ልጁ ማን እንደሚሰማው ካወቀ በሚቀጥለው ጊዜ አዝማቹን ጮክ ብሎ ነው የሚለው።

9. ወደ ሁለተኛው ተረት መሸጋገር

ልጁ አዝማቹን ሳትጠብቁ ሲልና ቀን ላይ ሳትጠይቁት «በረደኝ» ሲል ጊዜው ደርሷል። ለሁለተኛው ተረት ጦጢትን አቆዩአት፤ አዲስ ባለታሪክ አትፍጠሩ። «ብድግ አለች»፣ «ቁጭ አለች»፣ «ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች» እና «የት ነው?» እንዳሉ ይለፉ። የሚቀየሩት ስሜቱና ዕቃው ናቸው፦ «ራበኝ! ራበኝ! ዳቦዬ የት ነው?» ሦስቱ ማረፊያዎች ድመት፣ ውሻና አያ ጅቦ ይሁኑ፤ አዲስ ግስ «በላች» እና «ጠገበች» ብቻ። የመጀመሪያውን ተረት ግን ከቤት አታስወጡት፤ ልጁ በጠየቀ ቁጥር ንገሩት፣ ጋቢውም አልጋው ጫፍ ላይ ይቆይ።